ዋስ ነኝ ብሎ መፈረም፣ ተበዳሪ ነኝ ብሎ መፈረም ነው

«ዋስ ሁነኝ» የሚለው ቃል በእኛ ዘንድ እንደ ዋዛ የሚነገር ቃል አይደለም። አገር ቤት ሰው ሥራ ሲቀጠር ተያዥ፣ ሲከሰስ ዋስ፣ ሲበደርም ዋስ አምጣ ይባላል። ዋስ ያጣ ሰው፣ ሰው ያጣ ሰው ነው። ወዳጁ ዋስ ሁነኝ ብሎት እምቢ ያለ ደግሞ በዕድሩም፣ በማኅበሩም፣ በሰርጉም በለቅሶውም ስሙ ይነሳል። ይህን ይሉኝታችንን ከሻንጣችን ጋር ይዘነው ተሰደናል። መጥፎ ነገር ነው ማለታችን አይደለም። ብዙዎቻችን በሰው አገር እግራችንን የተከልነው አንድ ወገን «እኔ አለሁለት» ስላለልን ነው።

ዛሬ ልንነጋገርበት የፈለግነው ግን ይኸው ቃል አሜሪካ ሲገባ ትርጉሙ መለወጡን ነው። እዚህ ጥያቄው የሚመጣው «ኮሳይን አድርግልኝ» በሚል ነው። አብዛኛውን ጊዜም የሚመጣው ለመኪና ነው። ጓደኛ ለታክሲ፣ ለኡበር ወይም ለሥራ መመላለሻ መኪና ይፈልጋል። ክሬዲት የለውም፣ ወይም ያለው ክሬዲት ተበላሽቷል። የመኪና ሻጩ «ጥሩ ክሬዲት ያለው ሰው ይዘህ ና» ይለዋል። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ስልክ ይደወላል፤ «ለአንድ ፊርማ ብቻ ነው፣ አሥር ደቂቃ አይፈጅም» ይባላል። እውነትም ፊርማው አሥር ደቂቃ አይፈጅም። ዕዳው ግን ስድስት ዓመት ይፈጃል።

የእኛ አቋም አጭር ነው። በዚህ አገር ለወዳጁ ብድር በዋስነት የሚፈርም ሰው «ባይከፍል ለምኑት፣ ካልሆነም እኔ እመክረዋለሁ» ብሎ መፈረሙ አይደለም። ብድሩን ራሱ መውሰዱ ነው፤ የሚለየው መኪናውን ሌላ ሰው መንዳቱ ብቻ ነው። ይህን አውቆ የሚፈርም ይፈርም፤ ክብር ይገባዋል። ሳያውቅ የሚፈርም ግን ወዳጅነቱንም ክሬዲቱንም በአንድ ቀን አስይዞ ይወጣል።

ችግሩ የሚጀምረው በሁለት የተለያዩ ሕጎች መካከል ነው። ብዙዎቻችን በልባችን ያለው የዋስ ሥዕል ከአገር ቤት የመጣ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1922 ላይ ዋስትና በግልጽ መነገር እንጂ በግምት የሚያዝ እንዳልሆነ፣ ዋሱ የሚጠየቅበት ከፍተኛ የገንዘብ ልክም በውሉ ላይ ካልተጻፈ ዋስትናው እንደማይጸና ይደነግጋል። ዋሱ ተራ ዋስ ከሆነ ደግሞ ባለገንዘቡ ሲመጣበት «መጀመሪያ የተበዳሪውን ንብረት ተከታተል» ብሎ የመመለስ መብት አለው። እርግጥ ያው ሕግ በቁጥር 1933 የአንድነት ዋስ የሚባለውንም ያውቃል፤ ይህ ዓይነቱ ዋስ ተበዳሪው አስቀድሞ ሳይጠየቅ በቀጥታ ሊከሰስ ይችላል። አገር ቤት ያሉ ባንኮችም «በአንድነትና በነጠላ» የምትል ሐረግ በውላቸው ውስጥ የሚያስገቡት ለዚህ ነው። በሕዝቡ አእምሮ የቀረው ግን የመጀመሪያው ዓይነት ዋስ ነው፦ ከኋላ የቆመው፣ ሌላው ሁሉ ካልሆነ በኋላ የሚጠራው።

አሜሪካ ውስጥ ኮሳይን ያደረገ ሰው ከመነሻው የሁለተኛው ዓይነት ነው። የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ባወጣውና ከ1985 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው ደንብ መሠረት፣ የመኪና ሻጮችና የፋይናንስ ኩባንያዎች ዋሱ ከመፈረሙ በፊት ለብቻው የተጻፈ አንድ ማስጠንቀቂያ ሊሰጡት ይገባል። ባንኮችም አብዛኛውን ጊዜ ይኸንኑ ወረቀት ያቀርባሉ። ወረቀቱ ከአንድ ገጽ አይበልጥም፤ ቃሉም ያልተሸፋፈነ ነው። ተበዳሪው ካልከፈለ አንተ ትከፍላለህ ይላል። ሙሉውን ዕዳ፣ በላዩም የመዘግየት መቀጫና የማስከፈያ ወጪ ሊጠየቅህ ይችላል ይላል። አበዳሪው በቅድሚያ ተበዳሪውን ሳይጠይቅ በቀጥታ ወደ አንተ ሊመጣ ይችላል፣ በተበዳሪው ላይ የሚጠቀምባቸውን መንገዶች ሁሉ፣ ክስንና ደመወዝ ማስያዝን ጨምሮ፣ በአንተም ላይ ሊጠቀምባቸው ይችላል ይላል። ጥቂት ግዛቶች አበዳሪው አስቀድሞ ተበዳሪውን እንዲጠይቅ ያስገድዳሉ፤ እነዚያ ዘንድ ይህች ዓረፍተ ነገር ልትቀር ትችላለች። በአብዛኛው ግን አለች።

ታዲያ ይህ ሁሉ በግልጽ ተጽፎ ሳለ ወገኖቻችን ለምን ይወድቃሉ? ወረቀቱ የሚሰጠው ከሌሎች ሃያ ወረቀቶች መካከል ስለሆነ ነው። ሻጩ ጣቱን እየጠቆመ «እዚህ ፈርም፣ እዚህ ፈርም» ይላል። ጓደኛ አጠገብ ቆሞ ያያል። በዚያ ሰዓት «ቆይ፣ ላንብበው» ማለት ወዳጅን መጠርጠር ይመስላል። አይደለም። ወረቀቱ የተጻፈው ለዋሱ ነው፤ ሊያነበው የሚገባውም እሱ ነው። ቤት ወስዶ አድሮ ቢመጣ የሚቀርበት ነገር የለም። «ዛሬ ካልፈረማችሁ ዋጋው ይጨምራል» የሚል ሻጭ ካለ፣ እሱ ራሱ ላለመፈረም በቂ ምክንያት ነው።

ነገሩን በቁጥር እንየው። ምሳሌው እኛ ያዘጋጀነው ነው፤ ቁጥሮቹ ግን በየቀኑ ከሚፈረሙት ውሎች የራቁ አይደሉም።

አንድ ወገን ያለ ምንም ቅድሚያ ክፍያ 24,000 ዶላር ተበድሮ መኪና ይገዛል እንበል። ወለዱ በዓመት 11 በመቶ፣ ጊዜው 72 ወር ነው። ወርሃዊው ክፍያ 457 ዶላር ገደማ ይመጣል። ስድስቱ ዓመት ሲያልቅ የተከፈለው ጠቅላላ ገንዘብ ወደ 32,900 ዶላር ይደርሳል። ሻጩ ግን የሚያወራው ስለ 457ቱ ብቻ ነው። ዋሱ ማየት ያለበት ሕጉ በብድር ውሉ ላይ በግልጽ እንዲቀመጡ የሚያስገድዳቸውን አራት ቁጥሮች ነው፦ ዓመታዊውን የወለድ መጠን፣ ወለዱ በጠቅላላው በዶላር ስንት እንደሚሆን፣ የተበደሩትን ገንዘብና የክፍያዎቹን ድምር። የተበደሩት ገንዘብ ከመኪናው ዋጋ በብዙ ከበለጠ አንድ ነገር ተጨምሯል ማለት ነው፤ ወይ የተራዘመ ዋስትና የሚሉት ውል ነው፣ ወይ ደግሞ ጓደኛው ከቀድሞው መኪናው የቀረበት ዕዳ በአዲሱ ላይ ተሸክሟል። ይህ የኋለኛው ከሆነ ዋሱ የሚፈርመው ለማያውቀው መኪና ዕዳ ጭምር ነው።

እንቀጥል። ጓደኛው 20 ወር በደንብ ከፈለ። ከዚያ ሥራ ቀነሰ፣ ወይም ታመመ፣ ወይም አገር ቤት እናቱ አረፉና ሄዶ ሁለት ወር ቆየ። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም። በ21ኛው ወር ክፍያው ቆመ። በዚያ ቀን የቀረው ዕዳ 18,800 ዶላር ገደማ ነው። ከሃያ ወር ክፍያ በኋላ ለምን ይህን ያህል ቀረ የሚል ካለ፣ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከየወሩ ክፍያ ትልቅ ድርሻ ወደ ወለድ ስለሚሄድ ነው። መኪናው ግን ወለድ አይጠብቅም፤ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ዋጋው ይወርዳል። አሁን ለግለሰብ ቢሸጥ 13,500 ዶላር ያወጣል እንበል። እንግዲህ ዕዳው ከመኪናው በ5,300 ዶላር ይበልጣል።

ዋሱ ይህን ሁሉ አያውቅም። ቢሉ የሚላከው ለጓደኛው አድራሻ ነው። ጓደኛው ደግሞ ያፍራል፤ «በሚቀጥለው ወር አስተካክለዋለሁ፣ ምን አስጨነቀኝ» ብሎ ዝም ይላል። ሦስት ወር ያልፋል። አንድ ሌሊት መኪናው ከቆመበት ተጎትቶ ይወሰዳል። ባንኩ በሐራጅ ይሸጠዋል። የሐራጅ ዋጋ አብዛኛውን ጊዜ ከገበያ ዋጋ ያንሳል፤ 9,800 ዶላር ተሸጠ እንበል። ዕዳው ላይ የሦስት ወር ወለድና የመዘግየት መቀጫ ወደ 600 ዶላር፣ የመጎተቻ፣ የማቆሚያና የሐራጅ ወጪ 900 ዶላር ተደምሮ 20,300 ይሆናል። ከሐራጁ የተገኘው ሲቀነስ 10,500 ዶላር ይቀራል። መኪና የለም፤ ዕዳ ግን አለ። ባንኩ ይህን ዕዳ ይዞ ስልክ የሚደውለው ማን ጋ ነው? ደመወዙ ቋሚ፣ ክሬዲቱ ጥሩ፣ አድራሻው የታወቀ ወደ ሆነው ሰው ነው። እሱም ዋሱ ነው። መጀመሪያውኑ ዋስ የተፈለገው ለዚህ ነውና።

በዚህ ምሳሌ ውስጥ ልብ ልንለው የሚገባ አንድ ነገር አለ። ዋሱ በ21ኛው ወር፣ ክፍያው በቆመ በሳምንቱ አውቆት ቢሆን ኖሮ፣ ሁለቱ ተነጋግረው፣ ባንኩንም ጠይቀው መኪናውን ለግለሰብ መሸጥ ይችሉ ነበር። የሚጎድለው 5,300 ዶላር ብቻ ይሆን ነበር። ያወቀው ከሐራጁ በኋላ ስለሆነ ግን 10,500 ሆነ። ወደ 5,200 ዶላር የሚጠጋው ልዩነት የዝምታ ዋጋ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል የሚለው የአባቶች ቃል እዚህ ላይ በዶላር ተተርጉሞ ይገኛል።

ስለዚህ ዋስ ለመሆን የወሰነ ሰው ከሁሉ በፊት ሊያስብበት የሚገባው እንዴት ቶሎ እንደሚያውቅ ነው። ለባንኩ፣ ክፍያ ሲዘገይ ለእኔም በጽሑፍ አሳውቁኝ ብሎ መጠየቅ ይችላል። ባንኩ ይህን የማድረግ ግዴታ ላይኖርበት ስለሚችል፣ መልሱን መጠየቅ ያለበት ከመፈረሙ በፊት ነው፤ ከፈረመ በኋላ የሚሰማው የለም። ሁለተኛው መንገድ ይበልጥ አስተማማኝ ነው፦ የብድሩን ሒሳብ ራሱ በኢንተርኔት ማየት እንዲችል ከመጀመሪያው ቀን ማመቻቸትና በየወሩ ክፍያው መግባቱን ማየት። ባንኮች አብዛኛውን ጊዜ ዘግይቷል ብለው ለክሬዲት ቢሮዎች የሚያሳውቁት 30 ቀን ካለፈ በኋላ ነው። በአሥረኛው ቀን ያወቀ ዋስ ሃያ ቀን አለው። በዚያ ጊዜ የአንድ ወር ክፍያ ከኪሱ ቢያወጣ እንኳ ክሬዲቱን ያድናል። አንዴ የተመዘገበ መዘግየት ግን በሁለቱም ሰዎች መዝገብ ላይ እስከ ሰባት ዓመት ይቆያል።

ኢንሹራንሱንም መከታተል ያስፈልጋል። ጓደኛው ገንዘብ ሲያጥረው ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚያቋርጠው የመኪናውን ክፍያ ሳይሆን ኢንሹራንሱን ነው። ይህን ጊዜ ባንኩ ራሱ ውድ ኢንሹራንስ ገዝቶ ዋጋውን በብድሩ ላይ ይጨምረዋል። ወርሃዊው ክፍያ ድንገት ከፍ ካለ ምክንያቱ ምናልባት ይህ ነው። ከዚያ ወዲያ ነገሩ መበላሸቱ ሩቅ አይሆንም።

አሁን ደግሞ ጓደኛው ታማኝ ነው፣ አንድም ቀን ሳያዘገይ ይከፍላል እንበል። ዋሱ ምንም አልተነካም ማለት ነው? አይደለም። ብድሩ በእሱም የክሬዲት መዝገብ ላይ ይታያል፤ በእሱም ዕዳነት ይቆጠራል። ዋሱ ቤት ሊገዛ ሲሄድ አበዳሪው ገቢውን ከወርሃዊ ዕዳው ጋር ያመዛዝናል፤ የጓደኛውን 457 ዶላርም ከዕዳው ጋር ይደምረዋል። በ7 በመቶ ወለድ ለ30 ዓመት በሚወሰድ የቤት ብድር ወርሃዊ 457 ዶላር ወደ 69,000 ዶላር የሚጠጋ ብድር ይሸከማል። እንግዲህ ያ ፊርማ ዋሱ ሊገዛ ከሚችለው ቤት ላይ ይህን ያህል ሊቀንስበት ይችላል። ለልጆቹ ጥሩ ትምህርት ቤት ያለበት ሰፈር ለመግባት ዓመታት ሲቆጥብ የኖረ ወገን ይህን የሚሰማው ብዙውን ጊዜ የቤት ብድሩን ሲጠይቅ ነው።

እዚህ ላይ ግን አንድ ሊታወቅ የሚገባው መውጫ አለ። በፋኒ ሜ መመሪያ በሚሠራ የቤት ብድር ላይ፣ ዋናው ተበዳሪ ያለፉትን 12 ወራት ሳያዘገይ ከራሱ ገንዘብ መክፈሉ በባንክ ወረቀት ከተረጋገጠ፣ ያ ዕዳ ከዋሱ ላይ ሊነሳ ይችላል። ቁልፉ «ከራሱ» የምትለው ቃል ናት። በእኛ መካከል የተለመደው ጓደኛው በየወሩ ጥሬ ገንዘብ ወይም ትራንስፈር ለዋሱ እየሰጠ፣ ዋሱ ከራሱ ሒሳብ ለባንኩ መክፈሉ ነው፤ «በእኔ በኩል ካለፈ እርግጠኛ ነኝ» በሚል። እርግጠኛ ያደርግ ይሆናል፤ ነገር ግን በወረቀት ላይ ከፋዩ ዋሱ ሆኖ ስለሚታይ ይህችን በር ይዘጋባታል። ክፍያው ከጓደኛው ሒሳብ በቀጥታ ወደ ባንኩ ይሂድ፤ ዋሱ ይመልከት እንጂ አይክፈል።

ሌላው ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ስለ መውጣት ነው። «ስድስት ወር ልፈርምልህ፣ ከዚያ ስሜን ታስወጣልኛለህ» ተብሎ የሚሰጥ ቃል በጓደኛሞች መካከል ያለ ቃል ነው፤ ባንኩን አያስገድደውም። ዋስን የሚያስወጣ አንቀጽ በውሉ ላይ ካልተጻፈ በቀር አስተማማኙ መንገድ ጓደኛው በስሙ ብቻ አዲስ ብድር ወስዶ የድሮውን መዝጋቱ ነው። ይህን ማድረግ የሚችለው ደግሞ ክሬዲቱ ሲሻሻልና መኪናው ከዕዳው በላይ ሲያወጣ ነው። በምሳሌያችን ከሃያ ወር በኋላ እንኳ መኪናው ከዕዳው በብዙ እንደሚያንስ አይተናል። ስለዚህ የስድስት ወሩ ቃል በቅንነት የተሰጠ ቢሆንም ሊፈጸም የማይችል ቃል ነው።

መኪናውስ የማን ነው? ዋሱ በብድሩ ውል ላይ ስለፈረመ የመኪናው ባለቤት አይሆንም። ባለቤትነቱ የሚታወቀው በባለቤትነት ወረቀቱ ላይ በሰፈረው ስም ነው። ስሙ እዚያ ከሌለ ጓደኛው መክፈል ሲያቆም መኪናውን ልውሰደው ማለት አይችልም፤ ቢወስድ እንዲያውም ሌባ ሊባል ይችላል። ስሙ ካለ ደግሞ መኪናው አደጋ ሲያደርስ እሱም ሊጠየቅ የሚችልባቸው ግዛቶች አሉ። በመብትና በኃላፊነት መካከል ያለው ይህ ክፍተት በዋሱ ላይ የተጣለ ነው።

ጓደኛው ኪሳራ ቢያውጅስ? ምዕራፍ 7 በሚባለው የኪሳራ ሕግ ጓደኛው ከዕዳው ነጻ ሊወጣ ይችላል፤ ዋሱ ግን አይወጣም፤ ባንኩ ፊቱን በሙሉ ወደ እሱ ያዞራል። ምዕራፍ 13 በሚባለው፣ ጓደኛው በፍርድ ቤት ዕቅድ ቀስ እያለ በሚከፍልበት ጊዜ፣ የግል ፍጆታ ዕዳ ከሆነ ዋሱም ለጊዜው ከለላ ያገኛል። ጓደኛው ጠቅልሎ አገር ቤት ከገባ ደግሞ ነገሩ ቀላል ነው፦ ባንኩ አዲስ አበባ ድረስ አይሄድም፤ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለውን ዋስ ይከሳል። የክስ ወረቀት የደረሰው ዋስ «ዕዳው የእኔ አይደለም» ብሎ ወረቀቱን ጥሎ ዝም ካለ በሌለበት ይፈረድበታል። ከዚያ በኋላ በፌዴራል ሕግ ጣሪያ መሠረት ለእንዲህ ዓይነት ዕዳ ከተቀናሽ በኋላ ከሚቀረው ደመወዝ እስከ 25 በመቶ ሊያዝበት ይችላል፤ አንዳንድ ግዛቶች ከዚህ የተሻለ ጥበቃ ይሰጣሉ። መልስ መስጠት ግን ዋጋ አለው። ባንኩ መኪናውን ከመሸጡ በፊት ለዋሱም ማስታወቂያ መላክ፣ ሽያጩንም በአግባቡ ማከናወን ይገባዋል፤ ይህን ካላደረገ ዋሱ በፍርድ ቤት የሚከራከርበት ነገር አለው።

ዋሱ ከፍሎ ከጨረሰ በኋላ ገንዘቡን ከጓደኛው የመጠየቅ መብት አለው። ወገናችን ግን በዚህ መብት አይጠቀምም። አንደኛ ያፍራል፤ ሁለተኛ ማስረጃ የለውም። ስለዚህ ከመፈረሙ በፊት ሁለቱ በአማርኛም ቢሆን አንድ ወረቀት ይጻፉ፤ ብድሩ የማን እንደሆነ፣ መኪናው መቼ እንደሚሸጥ፣ ዋሱ የከፈለው እንዴት እንደሚመለስ። ሁለት ወር ካልተከፈለ መኪናው ይሸጣል የሚል አንድ መስመር ብቻ እንኳ በምሳሌያችን ያየነውን ኪሳራ በግማሽ ያህል ይቀንስ ነበር። ዕቁባችን ሰብሳቢና ጸሐፊ ያለው ሰው ስለማንተማመን አይደለም፤ መተማመናችን እንዲቆይ ነው።

የሚቃወሙን እንደሚኖሩ እናውቃለን። «ሁሉም እንደዚህ ካሰበ አዲስ የመጣው ወገናችን እንዴት ይቆማል? እናንተስ በሰው ፊርማ አልነበረም ወይ የቆማችሁት?» ይሉናል። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። መልሳችን አትርዱ አይደለም፤ ዕርዳታው መጠኑ የታወቀ ይሁን ነው። በምሳሌያችን ዋሱ ሳያውቀው 10,500 ዶላር ከፍሏል። ይኸው ሰው ገና ከመነሻው 2,000 ዶላር ለቅድሚያ ክፍያ በስጦታ ቢሰጥና ጓደኛው 24,000 ሳይሆን 9,000 ዶላር የሚያወጣ አሮጌ ግን ደህና መኪና ቢገዛ፣ ብድሩ 7,000 ብቻ ይሆናል። ለአዲስ ገቢ ሰው የሚያበድር ክሬዲት ዩኒየን ደጃፍ አብሮት መሄድም ትልቅ ዕርዳታ ነው። ጥቂት መቶ ዶላር በመያዣነት አስቀምጦ በሚወጣ የክሬዲት ካርድ አንድ ዓመት በጥንቃቄ የተጠቀመ ሰው፣ ቀጣዩን መኪና ያለ ማንም ፊርማ የመግዛት ዕድሉ ሰፊ ነው። ዕቁብም የተሠራው ለእንዲህ ዓይነቱ ነገር ነው።

መፈረም ግድ ከሆነም መለኪያው አንድ ነው። ዋሱ ራሱን እንዲህ ብሎ ይጠይቅ፦ «ይህ ሰው ነገ ባይከፍል፣ 457 ዶላር በየወሩ ከፍዬ፣ ከእሱም ጋር በዓል አብሬ ልበላ እችላለሁ?» ለሁለቱም መልሱ አዎ ከሆነ ይፈርም። ለአንዱ እንኳ አይሆንም ከሆነ፣ ዛሬ አንድ ጊዜ «አልችልም» ብሎ መቀየም ነገ በየወሩ ከመቀያየም ይሻላል። አልችልም ሲልም ሰበብ አይፍጠር፤ «ቤት ለመግዛት እያሰብኩ ስለሆነ ዕዳው በእኔ ላይ ይቆጠራል፤ በሌላ መንገድ ልርዳህ» ይበል። እውነት ስለሆነ ክፉ ቃል አይደለም።

ይህን የሚያነብ ተበዳሪ ወገንም ካለ አንድ ቃል አለን። ወዳጅህ የፈረመልህ ስሙን ነው፤ እዚህ አገር ስም ማለት ቤት፣ ሥራ፣ የልጆች ትምህርት ነው። መክፈል ባትችል የመጀመሪያው ስልክ ለእሱ ይሁን፤ ከባንኩም በፊት። ማፈር ያለ ነው፤ ዝምታ ግን በሐራጅ ያሸጣል።

ልብ ያለው ልብ ይበል።